የወሩን ፖስት በአንድ ጠዋት ቀርጾ መጨረስ

«ትንሽ የስፖርት ስቱዲዮ አለኝ፤ ከእኔ ሌላ ያለው አንድ አሰልጣኝ ብቻ ነው። የአንድ ወር የፖስት ዕቅድ ማውጣት ፈልጌ ነበር፤ ግን ጊዜም ገንዘብም የለኝም። ከምን ልጀምር?»

እህቴ፣ ከቀን መቁጠሪያው አትጀምሪ። እኔ መጀመሪያ ላይ 30 ባዶ ሳጥን አስምሬ እያንዳንዱን ለመሙላት ተነሳሁ፤ በ9ኛው ቀን አቆምኩ። ቀኑን ሙሉ ሲያሠሩ ውለው ማታ ለፖስት ሐሳብ መፈለግ አይገፋም።

አሁን የምጀምረው ሰዎች ከመመዝገባቸው በፊት ከሚጠይቁኝ ጥያቄ ነው። ያለፉትን ሁለት ወራት መልዕክቶችሽን ክፈቺና ተደጋግመው የመጡትን አራት ጥያቄዎች በሰዎቹ አነጋገር ጻፊያቸው። የእኔ እነዚህ ነበሩ፦ «ስፖርት ሠርቼ አላውቅም፣ ከሌሎቹ ወደ ኋላ አልቀርም?»፣ «ጉልበቴን ያመኛል፣ ስኳት ይቅርብኝ?»፣ «በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ብመጣ ዋጋ አለው?»፣ «ክብደት ባነሳ ሰውነቴ አይገዝፍም?» ለአንዱ ሳምንት አንድ ጥያቄ ስጪ። በሳምንት ሦስት ፖስት ብታወጪ በወር 12 ነው፤ ለሁለት ሰው ይበቃል።

የጉልበቱን ሳምንት ላሳይሽ። ሰኞ አሰልጣኙ ከኋላው ወንበር አስቀምጦ ስኳት ይሠራል፦ መቀመጫውን ወደ ኋላ ገፍቶ ወንበሩን ነካ አድርጎ ይነሳል፣ ጉልበቱ ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ የእግሩን ጣቶች አቅጣጫ ይከተላል። የሚያመው ሰው ደግሞ ወንበሩ ላይ ትራስ ደርቦ ቁመቱን ከፍ ያደርጋል። በ30 ሰከንድ ያልቃል። ጉልበቱ ያበጠ ወይም የሚከዳው ሰው ሐኪም ሳያየው እንዳይጀምር በጽሑፉ ውስጥ በግልጽ አስገቢ። ረቡዕ በወንበር የጀመረች አባል እንዴት እንደነበረች ራሷ ትናገራለች። አርብ ግብዣ ነው፤ ግን «ኑ» ብቻ አትበይ። ቦታ የሚተርፍሽን አንድ ክፍለ ጊዜ ለይተሽ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈሽ፣ «ጉልበት ብላችሁ መልዕክት ላኩልኝ» በይ። ሰው የሚልከው ቃል ከተሰጠው አያመነታም፤ አንቺም መልዕክቱ ከየትኛው ፖስት እንደመጣ ወዲያው ታውቂያለሽ።

የወሩን ቪዲዮዎች የምንቀርጸው በወር አንድ ጊዜ፣ ክፍል በሌለበት ጠዋት፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ነው። ስልኩ ቆሞ፣ ሌንሱ ተጠርጎ፣ የሚናገረው ሰው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ። ሙዚቃው ይጠፋል፤ አለበለዚያ ድምፅ አይሰማም፣ የባለመብት ሙዚቃ ከገባበትም ቪዲዮው ድምፅ አልባ ሊደረግብሽ ይችላል። ከሁሉ በላይ በቪዲዮው ውስጥ ሰዓትና ቀን በቃል እንዳይነገር። እኔ ጋ አሰልጣኙ «ማክሰኞ 12 ሰዓት» ብሎ ቀረጸልኝ፤ ሳምንት ሳይሞላ ፕሮግራሙ ተቀየረና አራት ቪዲዮ ተጣለ። ሰዓት ቦታው ጽሑፉ ውስጥ ነው፤ እዚያ በደቂቃ ይታረማል።

የአባላትን ነገር አደራ። ከካሜራው ፊት ያለውን ብቻ ሳይሆን ከኋላ በመስታወት የሚታየውንም አስፈቅጂ፣ ፈቃዱንም በጽሑፍ ያዢ። አንዲት አባላችን ከኋላ ላብ በላብ ሆና ታይታ በጣም አዝናብኝ ነበር። ቪዲዮውን ወዲያው አነሳሁት፤ እሷ ግን ወደ ክፍሉ ለመመለስ ጊዜ ወስዶባታል። ከዚያ ወዲህ ቀረጻውን ጠዋት ባዶ ክፍል ውስጥ አደረግነው።

የዕለቱን ፕሮግራም፣ የተሰረዘ ክፍል፣ የልደት ምኞት ከዕቅዱ ውጪ ተዪው፤ ለስቶሪ ነው። በወሩ ካሉት 12 ቦታዎች አንዱን፣ የሦስተኛውን ሳምንት ረቡዕ፣ ባዶ አድርጌ አቆያለሁ። በወሩ መሃል አዲስ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ ካልመጣም የሰኞውን ቪዲዮ ከሌላ ማዕዘን የቀረጽነውን አወጣለሁ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ትንሿን በጀት በየፖስቱ ከበተንሻት የትም አትደርስም። እስከ ሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ፖስት ለማስተዋወቅ ምንም አትክፈዪ። ከዚያ ያለክፍያ ብዙ መልዕክት ያመጣውን አንዱን ብቻ መርጠሽ፣ ከስቱዲዮሽ በእግር ወይም በአጭር መንገድ ሊመጡ ለሚችሉ ሰዎች ብቻ እንዲታይ አድርገሽ ክፈዪበት። ላይክ አይምራሽ። የእኛ አሰልጣኝ በአንድ እጁ ፑሽአፕ የሠራበት ቪዲዮ ላይኩ ከሁሉ በልጦ አንድም ሰው አላመጣም፤ የወንበሩ ስኳት ላይኩ ትንሽ ሆኖ ሳለ ሰባት ሰው «ጉልበት» ብሎ ጻፈልኝ፣ አራቱ መጥተው ሞከሩ።

በር ላይ ደብተር አኑሪ። አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ «ምን አይተው መጡ?» ተብሎ ይጠየቅና መልሱ በአንድ መስመር ይጻፍ። የወሩ መጨረሻ ላይ ማንንም ያላመጣውን ጥያቄ አውጥተሽ በአዲስ ተኪው፤ ሰው ያመጣውን ግን በሚቀጥለው ወር ሌላኛችሁ እንዲመልሰው አድርገሽ ድገሚው።