270 ብሩ የት ገባ? የፔቲ ካሽ ጥያቄና መልስ

ዛሬ ከሰዓት ነፃ ነኝ፤ የደብረ ብርሃን ብርድም ከቤት አያስወጣም። ረጅም ዓመት ፋይናንስ ክፍል ሠርቻለሁ። ስለ ፔቲ ካሽ፣ ማለትም ለጥቃቅን ወጪ ሣጥን ውስጥ ስለሚቀመጠው ገንዘብ፣ ግራ የገባችሁን ጠይቁኝ።

ጋሼ፣ የተሰጠኝ 6,000 ብር ነው። ሣጥኔ ውስጥ 1,370 ብር አለ። የከፈልኩባቸው ቫውቸሮች ሲደመሩ 4,360 ብር ይመጣሉ። 270 ብር ጎደለብኝ። ከኪሴ ልሙላው? (ገንዘብ ያዥ፣ ደብረ ብርሃን)

እንዳትሞዪው! ከኪስሽ ብትሞዪው ሣጥኑ ልክ ይመስላል፣ ስህተቱ ግን እዚያው ተደብቆ ይቀራል። የዚህ አሠራር ጉልበቱ አንድ ነገር ላይ ነው፤ በየትኛውም ሰዓት ሣጥኑ ቢከፈት ጥሬ ገንዘቡና ቫውቸሩ ተደምረው 6,000 መምጣት አለባቸው። ስላልመጡ ነው አንቺም ያወቅሽው።

አሁን 270ን ለ9 አካፍዪው። 30 ይመጣል፣ ቀሪ የለውም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ተገላብጠው ሲጻፉ ልዩነቱ ሁሌም ለ9 ይካፈላል። አጋጣሚም ሊሆን ይችላል፤ ግን መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። እያንዳንዱን ቫውቸር ከጀርባው ከተያያዘው ደረሰኝ ጋር አስተያዪ። ካላገኘሽ ገንዘቡን እንደገና ቁጠሪ፤ አዳዲስ ብሮች ይጣበቃሉ።

እኛ ገንዘቡ ሲያልቅ በቃ ሌላ 6,000 እናወጣለን። ያው አይደለም እንዴ? (ሸዋ ሮቢት)

ሣጥኑ ባዶ ከሆነና ቫውቸሩ ልክ 6,000 ከሞላ፣ አዎ ያው ነው። ግን ማን ባዶ እስኪሆን ይጠብቃል? 1,370 እያለ 6,000 ብትጨምሩበት እጃችሁ ላይ 7,370 ይሆናል። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ሌላ። ያኔ ስንት መኖር እንዳለበት የሚያውቅ ሰው አይኖርም፣ ጉድለት ቢኖርም አይታይም። የሚተካው የወጣው ብቻ ነው፤ ቫውቸሩን ያላስረከበ ገንዘብ አይተካለትም።

እኔ ደግሞ የደመወዝ ብድር ጠይቄ ፔቲ ካሽ ውስጥ የለም አሉኝ። መብቴ አይደለም? (መሐል ሜዳ)

ወንድሜ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሰው ሀብት ክፍልን ጠይቅ። ገንዘብ ያዧ ግን ልክ ነች። ያ ሣጥን ለሳሙና፣ ለባጃጅ፣ ለፎቶ ኮፒ ነው።

እኛ ጋ ሾፌሩ ጎማ ሊያስለጥፍ 500 ብር በብጣሽ ወረቀት ፈርሞ ወሰደ። ሦስት ሳምንት ሆነው። ቆጠራ ላይ ወረቀቱን እንደ ገንዘብ ቆጠርነው። (ደብረ ሲና)

የፈረመበት ወረቀት መኖሩ ጥሩ ነው፤ ከሌለማ ጉድለቱ ያንተ ነበር። ግን ሦስት ሳምንት በዛ። እኔ ስሠራ በማግስቱ ደረሰኙንና መልሱን አምጣ እል ነበር። ሰው ይቀየመኛል፣ ይቀየም! በቆጠራው ሰነድ ላይ ለብቻው ጻፈው፣ ከጥሬ ገንዘብ ጋር አትቀላቅለው። አንድ ሰው የፊተኛውን ሳያወራርድ ሁለተኛ ከወሰደ ደግሞ ሣጥኑ አበዳሪ ሆኗል ማለት ነው።

ባጃጅ ደረሰኝ የለውም። ምን እናድርግ? (ሸኖ)

ይሄ ሁሉንም ያጨቃጭቃል። እኛ ተጓዡ ከየት ወዴት፣ ለምን ሥራ፣ ስንት እንደከፈለ ጽፎ ይፈርማል፣ ኃላፊው ያጸድቃል። አንዳንድ ኦዲተር ይቀበላል፣ አንዳንዱ ፊቱን ያጠቁራል። መሥሪያ ቤታችሁ በጽሑፍ የወሰነው ነገር ካለ እሱን ያዙ።

ጋሼ፣ አገኘሁት! የጽዳት ዕቃው ደረሰኝ 630 ይላል፣ እኔ ቫውቸሩ ላይ 360 ብዬ ጽፌያለሁ። በነጭ ቀለም አጥፍቼ ላስተካክለው? (ገንዘብ ያዥ፣ ደብረ ብርሃን)

ነጭ ቀለም አታስነኪው። ቫውቸሩ ላይ «ተሰርዟል» ብለሽ ጻፊና ከጥራዙ ሳትቀጂ ተዪው፤ ቁጥሩ ከዘለለ ኦዲተር የሚጠይቀው እሱን ነው። አዲስ ቫውቸር በ630 ቁረጪ፣ ደረሰኙን አያይዢ፣ ተቀባዩንም ኃላፊውንም እንደገና አስፈርሚ። አሁን ቫውቸሩ 4,630 ሆነ፣ ከ1,370 ጋር 6,000 ሞላ።

ኃላፊዬ ግን የወጣውን የሚተካው ቼክ ዙር ቁጥር ይሁን፣ 5,000 አድርጊው አሉኝ።

በትህትና እምቢ በይ። 4,630 ብለሽ ሙዪ፣ ቫውቸሮቹን ከነደረሰኛቸው አያይዘሽ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጪ። 5,000 ቢፈርሙ 370 ብሩ ሰነድ የለውም፤ ቼኩን የሚያዘጋጀው ሒሳብ ሠራተኛም የት ወጪ ላይ እንደሚመዘግበው አያውቅም። ቼኩ ከተመነዘረ በኋላ ቫውቸሮቹ ሁሉ ላይ «ተከፍሏል» የሚለው ማኅተም መመታቱን አረጋግጪ፤ ያለዚያ ያው ደረሰኝ በሚቀጥለው ወር ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።