«ልዩ ልዩ፦ 1,800 ብር»

«ባለቤቴ ቀደም ሲል በአንድ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ ነበረች፤ ሁለተኛ ልጃችን ከተወለደ ወዲህ ግን ሥራ አቁማለች። የተጣራ ደመወዜ 38,000 ብር ነው። ከዚያ ላይ 15,000 ለቤት ኪራይ፣ 6,000 ለልጆች ትምህርት ቤት ከፍዬ 11,000 ለአስቤዛ እሰጣታለሁ። ወጪውን በደብተር ትይዝ ነበር። ድምሩ ስለማይታወቅ ስልኳ ላይ የወጪ መመዝገቢያ መተግበሪያ ጫንኩላትና በእኔም ስልክ እንዲታይ አገናኘሁት። ማታ ማታ አይቼ ያልገባኝን እጠይቃታለሁ። በሰኔ 94 ጊዜ መዝግባለች፤ በሐምሌ 31 ጊዜ ብቻ ነው፣ አንዱም ‹ልዩ ልዩ፦ 1,800 ብር› ይላል። ምንድን ነው ስላት ‹ልዩ ልዩ ነዋ› አለችኝ። አሁን ወደ ደብተሯ ተመልሳለች፤ ደብተሩንም መሳቢያ ውስጥ ትቆልፍበታለች። ደብተር ይሻላል ወይስ መተግበሪያ? እንዴትስ ላሳምናት?»
ከአዲስ አበባ

ውድ ጠያቂ፣

ስለ ደብተሩና ስለ መተግበሪያው የምለው ብዙ ስላልሆነ በእሱ ልጀምር። መተግበሪያ ጥሩ ደማሪ ነው፤ በወሩ መጨረሻ ለአትክልት ስንት፣ ለመድኃኒት ስንት እንደወጣ ያለ ድካም ያሳያል። በቴሌብር ወይም በባንክ የተከፈለውንም ወደ ስልክ ከሚመጣው መልእክት ጋር ማመሳከር ይቻላል። ከጉልት የሚገዛው ሽንኩርት፣ የወፍጮና የታክሲ ሒሳብ ግን ደረሰኝ ስለሌላቸው በዚያው ሰዓት ካልተጻፉ እስከ ማታ ይረሳሉ። ብዙዎቹ መተግበሪያዎች ለሌላ አገር ኑሮ የተሠሩ በመሆናቸው ዕቁብን የት እንደሚመዘግቡት ይቸገራሉ፤ ወጪ ብለው ከጻፉት ቁጠባዎ እንደ ጠፋ ገንዘብ ይቆጠራል፣ ዕጣ የወጣልዎ ዕለት ደግሞ ድንገተኛ ገቢ ይመስላል። ደብተር አይደምርም፤ ሆኖም ከዋጋው ጎን «ለለቅሶ ቤት» ወይም «ዛሬ ጨመረ» ብሎ መጻፍ ያስችላል፣ ይህም ቁጥሩ ብቻውን የማይናገረውን ይናገራል። ሁለቱም ያገለግላሉ። የእናንተ ቤት አለመግባባት ግን ከዚህ የመነጨ አይመስለኝም።

እስቲ የራስዎን ቁጥሮች እንደምራቸው። ኪራዩ፣ ትምህርት ቤቱና አስቤዛው አንድ ላይ 32,000 ብር ይሆናሉ፤ ከደመወዝዎ 6,000 ብር ይቀራል። ይህ ገንዘብ በደብዳቤዎ ውስጥ የለም፤ በመተግበሪያውም ውስጥ እንደሌለ እገምታለሁ። ያለ አግባብ ወጥቷል ማለቴ አይደለም፤ የእርስዎ ምሳና ትራንስፖርት፣ ዕቁብ፣ ምናልባትም ለወላጆችዎ የሚልኩት ሊሆን ይችላል። ለማንም ያላስረዱት ገንዘብ ግን ከ«ልዩ ልዩ» ሦስት እጥፍ ይበልጣል፤ ማታ ማታ የሚጠየቀው ግን ትንሹ ነው።

የዕለት ወጪ መመዝገብ በራሱ የሚያዳላበት አንድ ነገር አለ፤ ሰዎች እምብዛም አያስተውሉትም። እርስዎ 21,000 ብሩን በወር በሁለት ክፍያ ይጨርሱታል፤ ሁለቱም የታወቁ ስለሆኑ ማንም «ለምን?» አይልዎትም። ባለቤትዎ በሰኔ 11,000 ብሩን በ94 መስመር ከጻፉት፣ ለእያንዳንዱ መስመር በአማካይ 117 ብር ገደማ ይደርሰዋል። የቤቱን ጥቃቅን ግዢ የሚፈጽም ሰው በማንኛውም መዝገብ ላይ ገንዘብ በታኝ መስሎ መታየቱ አይቀርም፤ ብዙ መስመር ያለው ብዙ ጥያቄ ይቀርብለታልና። በዚያ ላይ አንዱ ጻፊ፣ ሌላው አንባቢ ብቻ ከሆነ፣ መዝገቡ የቤቱ መሆኑ ቀርቶ የአንድ ሰው ጠባይ ማስረጃ ይሆናል።

ይበልጥ ላሰምርበት የምፈልገው ግን የሚከተለውን ነው። በሥነ ልቦና ራስን መከታተል የሚባል የታወቀ ዘዴ አለ፤ ሰው የራሱን ድርጊት ለራሱ ሲመዘግብ ብዙ ጊዜ መመዝገቡ ብቻውን ጠባዩን እርሱ ወደሚፈልገው አቅጣጫ ያዘነብለዋል። የወጪ ደብተር የሚጠቅመውም በዋናነት በዚህ መንገድ ነው። መዝገቡን ሌላ ሰው እያነበበ መጠየቅ ሲጀምር ግን ቀድሞ የሚለወጠው መዝገቡ እንጂ ወጪው አይደለም። ምልክቶቹም ይታወቃሉ፦ የመስመሮቹ ብዛት በድንገት ይቀንሳል፣ 117 ወይም 83 የነበረው ቁጥር 100 እና 200 እየሆነ ይሞላል፣ የቀኑ ሁሉ ወጪ ማታ በአንድ ጊዜ ይጻፋል፣ በመጨረሻም «ልዩ ልዩ» ይመጣል። ከ94 ወደ 31 የወረደው ባለቤትዎ ወደ ገበያ መውጣት ስላቆሙ ሳይሆን ግዢዎቻቸውን ማጠቃለል ስለጀመሩ ይመስለኛል። ገንዘብ ያዥ የነበሩ ሰው ናቸውና እያንዳንዱን ሳንቲም መመዝገብ አያቅታቸውም፤ ድንገተኛ የካዝና ቆጠራ ምን ማለት እንደሆነም ያውቃሉ። በመሥሪያ ቤት ቆጠራው የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ እቤት ግን በየምሽቱ ሆኖባቸዋል።

1,800 ብሩ የት እንደገባ እኔም አላውቅም። ለእናታቸው ልከው፣ የጎረቤት ብድር መልሰው፣ ወይም ለራሳቸው አንድ ነገር ገዝተው ሊሆን ይችላል። ሥራ ያቆመ ሰው ከደመወዙ ጋር ሌላም የሚያጣው ነገር አለ፤ ለምን እንዳወጣው ለማንም የማያስረዳው ገንዘብ ይቀርበታል። እርስዎ ዛሬም እንዲህ ያለ ገንዘብ አለዎት። ባለቤትዎ ደግሞ ሊያገኙት የቻሉት «ልዩ ልዩ» በሚል ስም ብቻ ይመስላል። የተቆለፈው መሳቢያም ከዚሁ የተለየ ነገር እንደያዘ የሚያሳይ አንዳች በደብዳቤዎ ውስጥ አላየሁም። በአንድ ደመወዝ ቤት ማስተዳደር፣ በዚህ የዋጋ ንረት፣ እንቅልፍ እንደሚነሳ ይገባኛል፤ ድምሩን ለማወቅ መፈለግዎም ተገቢ ነው። ሆኖም «እንዴት ላሳምናት?» ሲሉ ጻፉልኝ እንጂ፣ እርሳቸው መተግበሪያውን ለምን እንደተዉት ጠይቀዋቸው ምን እንደመለሱልዎ አልጻፉም።

እኔ ብሆን የምሽቱን ጥያቄ ከዛሬ ጀምሬ አቆማለሁ፤ በመሳቢያውም ቁልፍ ላይ አልከራከርም። ቀጥሎ ለአንድ ሙሉ ወር 6,000 ብሩን በየቀኑ ራሴው እጽፍና ባለቤቴ እንዲያነቡት ክፍት አደርገዋለሁ፤ በዚያ ወር የእርሳቸውን አልጠይቅም። ከዚያ በኋላ ፈቃደኛ ከሆኑ ሁለታችሁም የምትጽፉበት አንድ ደብተር ወጥ ቤት ይቀመጥ፤ ከወጪው በፊትም ለእያንዳንዳችሁ እኩል የሆነ፣ የማይመዘገብና የማይጠየቅ ጥቂት ገንዘብ ይነሳ። መጠኑን አብራችሁ ብትወስኑት ይሻላል፤ ቤቱ ከጠበበው 500 ብርም ቢሆን ይበቃል። መተግበሪያው የሚያገለግለው ደመወዝ ከገባ በኋላ ባለው ቀን አብራችሁ ተቀምጣችሁ የደብተሩን ድምር ስታስገቡበት ብቻ ይሁን።

ይህ ሁሉ በአንድ ወር ላይሳካ ይችላል፤ ባለቤትዎ የእርስዎን መዝገብ እንደ ወጥመድ ሊያዩት፣ ለተወሰነ ጊዜም ዞር ብለው ላያዩት ይችላሉ፤ ይታገሱ። 1,800 ብሩ ምን እንደነበር ሳያውቁ መቆየት የማይችሉ ሆኖ ከተሰማዎት፣ ወይም መሳቢያውን ለመክፈት እጅዎ ከሄደ፣ መጀመሪያ ለብቻዎ አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ በአካል ያነጋግሩ። ከባለቤትዎ ጋር ወደ ትዳር አማካሪ አብሮ መሄዱ ከዚያ በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ያን ጊዜም ቀጠሮውን እርሳቸው በሚመቻቸው ቀን እንዲይዙት ቢተዉላቸው መልካም ነው።