የማታውቀው ጥያቄ ሲመጣ

«ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ለኤሌክትሪሺያን ኢንተርቪው ገብቼ የማላውቀውን ሲጠይቁኝ ደርቄ ቀረሁ። ምን ልበል?»

«ይሄ አልገጠመኝም» በል። ከዚያ ሳትቆም መልሱን ከየት ጀምረህ እንደምትፈልግ ተናገር። አፍህ ከተያዘ ጥያቄውን ራሱን መልሰህ አጣራ፤ ለማሰብ ጊዜ ታገኛለህ።

እኔን እዚያው ከተማ «ድራይቩ ሞተሩን ሲያቆም በኦቨርቮልቴጅ ይጠፋል፤ ለምን?» አሉኝ። ድራይቭ የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ ነው፤ ነክቼው አላውቅም ነበር።

«ሲቆም ብቻ ነው? ሲሠራ ደህና ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። አዎ አሉ። «እንግዲህ ድራይቭ አልሠራሁበትም። ግን ሲሠራ ደህና ከሆነ መጀመሪያ የማየው የማቆሚያውን ሴቲንግ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለውን ኮድ ጽፌ ማንዋሉ ውስጥ እፈልገዋለሁ» አልኩ።

ጠያቂው ቀሪውን ራሱ አስረዳኝ። ሞተሩ በፍጥነት ሲቆም እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ኃይል ወደ ድራይቩ ይመልሳል፤ ቮልቴጁም ከልክ ያልፋል። የማቆሚያውን ጊዜ ማርዘም ወይም የተመለሰውን ኃይል ወደ ሙቀት የሚቀይር ብሬክ ሬዚስተር መግጠም ነው መፍትሔው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፤ ግምትህን እንደ እውቀት አታቅርብ። ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ ለተመሳሳይ ጥያቄ «የመስመሩ ቮልቴጅ ከፍ ብሎ ነው» ብዬ ነበር። «ታዲያ ሲሠራ ለምን አይጠፋም?» ሲሉኝ መልስ አጣሁ። ከዚያ በኋላ የማውቀውንም ስናገር አላመኑኝም።