ቆዳው መጥበሻ ላይ የሚቀር ዓሣ

ጥያቄ፦ «የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የቆሮሶ ፊሌቶ ከነቆዳው ገዝቼ በረዶ ቤት አስቀምጣለሁ። ስጠብሰው መጀመሪያ በኃይል ይንጣጣል፣ ከዚያ ድምፁ ይጠፋና ዘይቱ አረፋ ይሠራል። ልገለብጠው ስል ቆዳው መጥበሻው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ እስኪላቀቅ ስጠብቅ ሥጋው እንደ ጥጥ ይደርቃል። ጎረቤቴ በሎሚና በጨው ዘፍዝፊው አለችኝ፣ ባሰበት። እህቴ ዱቄት አልብሺው አለች፣ ዱቄቱ ሊጥ ሆነ። መጥበሻዬ ቀላል ነው፣ የማያጣብቅ ከሚባሉት፤ ምድጃዬ የኤሌክትሪክ ነው። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ችግሩን የነገረኝ ድምፁ ነው። በኃይል ተንጣጥቶ ድንገት ዝም የሚል መጥበሻ ውሃ ገብቶበት የቀዘቀዘ መጥበሻ ነው። አረፋውም ከቆዳው የሚወጣ እንፋሎት ነው። መጥበሻዎን ሳላይ ብፈርድ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ግን ከአሥር ተጣባቂ ዓሦች የዘጠኙ ሕመም እርጥበት ስለሆነ ከዚያው እጀምራለሁ። የሥጋው መድረቅ ሌላ በሽታ እንዳይመስልዎ። ቆዳው እስኪላቀቅ የሚጠብቁት ጊዜ ነው የሚያደርቀው።

አንድ ነገር ብቻ በሰፊው ላስረዳዎ፤ ለእኔ የዓሣ ጥብስ ትምህርት ሁሉ እዚህ ላይ ነውና። ውሃ አዲስ አበባ ላይ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በ2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል 100 አይደርስም። ሐዋሳ ወርደው ቢጠብሱ 94 አካባቢ ይሆናል። ቆዳው ላይ ጠብታ ውሃ እስካለ ድረስ ታዲያ ዘይቱ የፈለገውን ያህል ቢግል የቆዳው ሙቀት ከዚያ ብዙም አያልፍም፤ የሚመጣውን ሙቀት ሁሉ ውሃው ለመትነን ይበላዋል። የሚበላውም ቀላል አይደለም፤ ውሃን አፍልቶ ሙሉ በሙሉ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ፣ ከቧንቧ ቅዝቃዜው እስከ መፍላት ለማድረስ ከሚያስፈልገው ሰባት እጥፍ ያህል ሙቀት ይፈልጋል። ቡናማው ቀለምና ቅርፍርፍታው ደግሞ የሚጀምሩት ከ140 ዲግሪ ወዲያ ነው። በዚህ መካከል ቆዳው ምን ይሠራል? የዓሣ ቆዳ አብዛኛው ክፍል የእግር ሾርባን ሲቀዘቅዝ እንደ ጄሊ የሚያረጋው ዓይነት ነገር ነው። በእርጥብ ሙቀት ሲቆይ ሙጫ ይሆናል፣ እርጥበቱ ከወጣለት በኋላ ሲግል ደግሞ እንደ ደረቅ ቂጣ ይቀረፈፋል። እርስዎ መጥበሻው ላይ የሚፍቁት ነገር ቃል በቃል ሙጫ ነው።

ጎረቤትዎ የሰጡት ምክር ለሽታ የሚሆን የቆየ ልማድ ነው፤ ለቆዳ ግን ጠላት ነው። ሎሚው ውሃ ይጨምራል፣ የሥጋውንም ላይ አሲዱ ያነጣዋል፤ ጨው ረጅም ሰዓት ሲቆይ ውሃ እየሳበ ያወጣል፣ ያ ውሃ ደግሞ ሳይጠረግ ወደ መጥበሻ ይገባል። ሎሚውን ሲበሉ ሥጋው ላይ ይጭመቁት። ዱቄቱም እርጥብ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ሊጥ መሆኑ የታወቀ ነው። ደረቅ ቆዳ ዱቄት አያስፈልገውም። ቢፈልጉ እንኳ በወንፊት የተነፋች እፍኝ የማትሞላ፣ ትርፏ የተራገፈላት ትሁን።

እንግዲህ ወደ ሥራው። በረዶ የሆነውን ዓሣ ከማታው ወደ ታችኛው የማቀዝቀዣ ክፍል አውርደው ያቅልጡት፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ አይንከሩት። ቅርፊቱ በሚገባ መነሳቱን በጣትዎ ከጭራ ወደ ጭንቅላት አቅጣጫ ፈትሹ፤ የሚከረክርዎ ካለ በቢላ ጀርባ ይፋቁ። ከዚያ የማውቀውን ምርጥ ዘዴ ይሞክሩ። ፊሌቶውን ቆዳው ወደ ላይ ሆኖ ሰሌዳ ላይ ያስተኙና በቢላው ስለት ያልሆነ ጎን ቆዳውን በቀስታ ጨምቀው ይሳቡት። መስኮት ላይ ውሃ እንደሚጠርጉ ማለት ነው። ግራጫ ውሃ ከቆዳው ይወጣል፤ ይጥረጉት፣ ደግመው ይሳቡ። ሦስት ጊዜ ያህል ካደረጉ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁትና ሳይሸፈን ማቀዝቀዣ ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ያስቀምጡት። ሲያወጡት ቆዳው ሲነኩት እንደ ወረቀት መሆን አለበት። እጅዎ ላይ የሚያዳልጥ ከሆነ ገና ነው።

የቆሮሶ ፊሌቶ አንድ ጠባይ አለው። የጀርባው ወገን ወፍራም፣ የሆዱ ወገን ስስ ነው። አንድ ላይ ሲጠበሱ ወፍራሙ እስኪበስል ስሱ ይደርቃል። እኔ ወጥ ቤት ውስጥ በመሃል ባለው መስመር ለሁለት እከፍለዋለሁ፣ ወፍራሙን ቀድሜ አስገብቼ ስሱን ሁለት ደቂቃ ቆይቼ አስከትላለሁ። በቤት ውስጥ ሰው ለምን ይህን እንደማያደርግ አላውቅም። እንግዳ ፊት ሙሉ ፊሌቶ ማቅረብ የክብር ጉዳይ ይሆን?

ስለ መጥበሻዎ ትንሽ ላጉረምርም። ገበያ ላይ የሚሸጡት ላባ የመሰሉ መጥበሻዎች የሚያበሳጩኝ ሁለት ነገር ስላላቸው ነው። አንደኛ፣ ስስ ብረት ሙቀት አይዝም፤ ቀዝቃዛ ዓሣ ሲያርፍበት ወዲያው ይቀዘቅዛል። ሁለተኛ፣ ሽፋናቸው በሁለት ዓመት ተቧጭሮ ያልቃል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚቧጭረው ደግሞ በብረት ሽቦ የሚያጥበው ባለቤቱ ነው። ሽፋኑ እየተላጠ ከሆነ ይጣሉት። ደህና ከሆነ ባዶውን በከፍተኛ ሙቀት አያግሉት፤ ከ260 ዲግሪ በላይ ሽፋኑ መበላሸት ይጀምራል፣ ስስ መጥበሻም እዚያ ለመድረስ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። አቅም ካለዎ በአንድ እጅ ሲያነሱት የሚከብድዎን የብረት መጥበሻ ይግዙ።

አንዲት ፊሌቶ በደቂቃ እንከታተል። ወፍራም ክፍሏ ወደ ሁለት ሴንቲሜትር የሆነ፣ 170 ግራም የምትመዝን ናት እንበል። ምድጃዎ ስድስት ቁጥር ካለው አምስት ላይ ያድርጉትና ከባዱን ብረት መጥበሻ ሦስት ደቂቃ ያግሉ። የማያጣብቀው ከሆነ ግን ዘይቱን ከመጀመሪያው ጨምረው አራት ላይ ሁለት ደቂቃ ያቆዩ። ዘይት ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ የሱፍ ቢሆን ይበጃል፤ ሦስት ጊዜ የተጠበሰበት ጥቁር ዘይት ከሆነ ግን የዓሣውን ጣዕም ገዳይ ነው። ዘይቱ ላይ ቀጫጭን ሞገድ ሲታይ ደርሷል፤ ጭስ ካወጣ አልፏል፣ መጥበሻውን ከእሳቱ ፈቀቅ አድርገው ያሳርፉት።

እዚህ ላይ ያቁሙ። ሥጋውንና ቆዳውን አሁን ደግመው ያድርቁና ጨው ይነስንሱ። ጠብታ ውሃ እንኳ በጋለ ዘይት ውስጥ ፈንድቶ ዘይቱን ወደ ፊትዎ ይረጫል። እኔ በሙያው 19 ዓመት ስሠራ ቃጠሎ ያመጣብኝ ይህ ብቻ ነው፤ ክንዴ ላይ ያለው ጠባሳ ከቸኮልኩበት ከአንድ በረዷማ ፊሌቶ የቀረ ነው። ዓሣውን ቆዳው ወደ ታች፣ ከእርስዎ ርቆ በሚያርፍበት አቅጣጫ ያስተኙት፣ አይወርውሩት። የመጥበሻው እጀታ ወደ ውስጥ ይዙር፣ ልጆች ከወጥ ቤት ይውጡ።

ዓሣው ሲያርፍ ጠርዙ ወዲያው ሊታጠፍ ይፈልጋል፤ ቆዳው በሙቀት ስለሚሸማቀቅ ነው። በሰፊ መገልበጫ ለ20 ሰከንድ በእኩል ጫና ይያዙት፣ ከዚያ ይልቀቁት። እሳቱን ሦስት ላይ ይቀንሱ። አሁን ድምፁን ያዳምጡ። የማያቋርጥ፣ ከቀላል ዝናብ ጋር የሚመሳሰል ሹሹታ ከሆነ ሥራው በመልካም ሁኔታ ላይ ነው። እየጠፋ ከሄደ ሙቀቱ አንሷል፣ አራት ላይ ያድርጉት። ክዳን አይክደኑ፤ የተከደነ መጥበሻ ቆዳውን መልሶ ያረጥበዋል። ለአምስት ደቂቃ አይንኩት። በሦስተኛው ደቂቃ መገልበጫዎን ጠርዙ ሥር ገፋ አድርገው ቢሞክሩ ይዞ ይቀራል፣ ያ ጤናማ ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይለቃል።

ዓይንዎ ግን የዓሣው ጎን ላይ ይሁን። ግልጹ ሥጋ ከታች ወደ ላይ እየነጣ ይወጣል። ነጩ ከሦስት ሁለት እጅ ሲደርስ፣ በዚህች ፊሌቶ አምስት ደቂቃ አካባቢ፣ ምድጃውን ያጥፉና ይገልብጡት። ኤሌክትሪክ ምድጃ ከጠፋ በኋላም ትኩስ ስለሆነ የሥጋውን ወገን አንድ ደቂቃ ብቻ ያብስለዋል። በጎኑ ነጭ ለስላሳ ፈሳሽ በብዛት ከወጣ እሳቱ በዝቷል ማለት ነው። ስስ ቢላ ወፍራሙ ላይ ሰክተው አምስት ሰከንድ ቆይተው ከንፈርዎን ያስነኩት፤ ትኩስ ከሆነ በስሏል። ቴርሞሜትር ያለው 63 ዲግሪን ይፈልግ። የሐይቅ ዓሣ ነውና ግማሽ ጥሬ አድርገው አያስቀሩት።

ገበታ ላይ ሲያቀርቡት ቆዳው ወደ ላይ ይሁን፤ ከታች ከሆነ በገዛ እንፋሎቱ ይረጥባል። ዳጣውን ከጎን ያስቀምጡ፣ ቆዳው ላይ አያፍስሱ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ቆዳው ጠርዙ ለቆ መሃሉ ብቻ ከያዘ የመጥበሻዎ መሃል ጎብጧል፣ ዘይቱ ወደ ዳር ይሸሻል፤ ስስ መጥበሻ እንዲህ ይጎብጣል። ዳሩም መሃሉም ከያዘ ደግሞ ቆዳው ገና እርጥብ ነበር፤ በሚቀጥለው ጊዜ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሌሊቱን ያሳድሩት።

ዘይቱ እሳት ቢይዝ፣ ውሃ አያፍስሱበት። ምድጃውን ያጥፉ፣ ክዳን ይጣሉበት፣ መጥበሻውን ይዘው አይሩጡ፤ መጥበሻው ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ድረስም አይክፈቱት።