«ይወክላል» ወይስ «ምሳሌ ነው»? ለእኅት ሠርግ ስለሚጻፍ የስጦታ ማብራሪያ

ጥያቄ፦ እትዬ ልታገባ ነው። የምሰጣት እናታችን የሰፋችውን መሶብ ነው። አብሮት በሚሄደው አጭር ጽሑፍ ላይ «ይህ የምሰጥልሽ የመሶብ ገጸ በረከት አንድነትን ይወክላል» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ «ተምሳሌት ነው በዪ» አለችኝ፤ አጎቴ ደግሞ «ገጸ በረከት ለሹም እንጂ ለእኅት አይባልም» አለኝ። የቱ ነው ትክክል? (ከሱሉልታ)

መልስ፦ «ይወክላል» የሚለውን ግስ ከስጦታ ጽሑፍ ላይ ሁሉ ብሰርዘው ደስ ይለኝ ነበር። ውክልና የችሎትና የጽሕፈት ቤት ቃል ነው፤ ወካይ፣ ተወካይ፣ ወኪል ስንል አንዱ በሌለበት ሌላው በስሙ ቆሞ መናገሩን፣ መከራከሩንና መፈረሙን ማለታችን ነው። ተወካይ ደግሞ ወካዩን መምሰል አይጠበቅበትም፤ ወጣቱ ሽማግሌውን፣ ሴቷ ወንዱን ልትወክል ትችላለች፤ የሚያስፈልገው ሥልጣን የሚሰጥ ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ መሶብ አንድነትን ይወክላል ሲባል በመሶቡና በአንድነቱ መካከል ምን ዝምድና እንዳለ አንዳች የተነገረ ነገር የለም። በመሶቡ ፋንታ ጃንጥላ ቢገባበት ዓረፍተ ነገሩ ቅንጣት ሳይናጋ ይቆማል፤ የምነቅፈውም ይህንኑ ነው።

«ምሳሌ» ከ«መሰለ» የወጣ ስለሆነ እንዲህ በዋዛ አይለቅም። «ይመስላል» ያለ ሰው «በምን?» የሚል ጥያቄ ይከተለዋል። የአንድምታ መምህራን ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ ምሳሌና አማናዊ፣ ማለትም መሳዩና እውነተኛው ነገር፣ ብለው ሲያስተምሩ ሁለቱን ክፍል በክፍል ያገጥማሉ። ከመሶብ ሳንወጣ እንመልከተው። በዕብራውያን መልእክት 9፥4 ላይ መና ያለባት የወርቅ መሶብ ተጠቅሳለች፤ ይህችም የድንግል ማርያም ምሳሌ ናት ይባላል። ነገሩ በዚያ አያበቃም፤ መሶቧ ማኅፀኗ፣ መናው ልጇ ሆኖ ይተረጎማል፤ መሶብ መናን እንደያዘች እርሷም ከሰማይ የወረደውን ኅብስት ይዛለችና። «ይዛለችና» የምትለዋ ማሰሪያ ከሌለች ምሳሌው አልተፈታም። በዚህ መልክ የሠለጠነ ጆሮ «መሶቡ አንድነትን ይወክላል» የሚለውን ሲሰማ ዓረፍተ ነገሩ ከመሐል የተቆረጠ ይመስለዋል።

ይህን ስል የሚከራከሩኝ አሉ። ቃል ትርጉሙን ከአጠቃቀሙ እንጂ ከሥሩ አያገኝም፤ በሒሳብ ፊደል ቁጥርን ይወክላል፣ በካርታ ላይ ቀይ መስመር አስፋልት መንገድን ይወክላል እያልን ልጆች ካስተማርን ስንት ዘመን ሆነን፤ መሶብስ ምን በደለ? ይላሉ። የመጀመሪያውን ነጥብ እቀበላለሁ፤ ምሳሌዎቹ ግን የሚመሰክሩት ለእኔ ነው። አስፋልት ቀይ አይደለም። ካርታ ሠሪው ቀዩን የመረጠው መንገዱን ስለሚመስል ሳይሆን እንዲያ ይሁን ተብሎ ስለተስማማ ነው፤ ነገ ቢጫ ቢያደርገው ከካርታው ጥግ ያለችውን መግለጫ መለወጥ ይበቃዋል። የእናት መሶብ ግን በስምምነት የሚለዋወጥ ምልክት አይደለም። ስለ ምልክት ሲጻፍ ጥንቃቄ እንደሚገባ ለማየት በ1987 የወጣውን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 3 ማንበብ ነው፤ በሰንደቅ ዓላማው ላይ ስላለው ዓርማ ሲናገር ተስፋን «የሚያንጸባርቅ» ይለዋል እንጂ የሚወክል አይለውም። በውክልና ቋንቋ የሚያድሩት ሕግ አርቃቂዎች እንኳ ቃሉን እዚህ ቦታ አላስገቡትም። ያም ሆኖ ግሱ በስጦታ ካርድ ላይ እንደተቀመጠ አውቃለሁ፤ የተቀመጠውን ማስነሣት ደግሞ ከእኔ አቅም በላይ ነው። ስሕተት ነው ለማለት አልደፍርም፤ አልወደውም ብቻ።

ስለ «ተምሳሌት» የጓደኛዎ ምክር ከሚታማው ይልቅ ጤናማ ነው። ቃሉ ትናንት የተፈበረከ ነው የሚሉ ሰዎች ገጥመውኛል፤ ግን ከ«ፈጸመ» «ተፍጻሜት» እንደወጣ ሁሉ ከ«መሰለ» «ተምሳሌት» ቢወጣ የግእዝን የስም አወጣጥ የሚያውቅ ሰው አይደነግጥም። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ዛሬ «የጽናት ተምሳሌት»፣ «የትጋት ተምሳሌት» እየተባለ ለሚሸለም ሰው ስለሚነገር፣ ቃሉ በመሶብ ላይ ሲያርፍ መሶቡ መድረክ ላይ ወጥቶ የሚጨበጨብለት ይመስለኛል። «ምሳሌ» የሚለው አጭሩ ለቤት ይስማማል።

«ገጸ በረከት» ላይ አጎትዎ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ቃሉ ከግእዝ የመጣ ጥምር ነው፤ «ገጽ» በዘርፍ አያያዝ መድረሻው ከሳድስ ወደ ግዕዝ ተለውጦ «ገጸ» ሆኗል፤ «በረከት» ደግሞ ከ«ባረከ» ነው፤ ሥሩም ተንበረከከ ከሚለው ከ«በረከ» እና ጉልበት ከሚለው ከ«ብርክ» ጋር አንድ ነው። ዛሬም የፈራ ሰው ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ ብርክ ያዘው እንላለን። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን «አበረከተ» ነው። በ«በረከት» መጨረሻ ያለችው ት የስም ቅጥያ እንጂ የሥር ፊደል አልነበረችም፤ አማርኛ ግን ከነቅጥያዋ ወስዶ እንደ አራተኛ ፊደል ቆጠራትና «በረከተ»፣ «አበረከተ» ብሎ ረባባት። ወደ ጉዳያችን ስንመለስ፣ ገጸ በረከት ከታች ወደ ላይ የሚሄድ ስጦታ እንደሆነ ከጓደኛው ከ«እጅ መንሻ» መረዳት ይቻላል፤ እጅ የሚነሣው ለበላይ ነውና። ነገር ግን ይህ ለእኅት አይባልም የሚለውን አያጸናም። በዘፍጥረት ምዕራፍ 32 ያዕቆብ መንጋ አስቀድሞ የላከው ለታላቅ ወንድሙ ለዔሳው ነው፤ በምዕራፍ 33 ቁጥር 10 ስጦታውን አቅርቦ የወንድሙን ፊት ስለማየቱ ይናገራል፤ በቁጥር 11 ደግሞ ያንኑ ስጦታ በረከት ብሎ ይጠራዋል። ፊትና በረከት በሁለት ተከታታይ ቁጥሮች ጎን ለጎን መዋላቸው ለጥምሩ ቃል መነሻ ሆኖ ይሆን እያልኩ እገምታለሁ፤ ግምት ነው፣ ከዚያ በላይ አላደርገውም። ታናሽ ለታላቁ ማቅረቡ ግን በግልጽ ተጽፏል። ስለዚህ ለእትዬ ገጸ በረከት ማቅረብ ነውር የለበትም። የማልመርጠው፣ ዛሬ ቃሉ በድምፅ ማጉያ «አሁን ደግሞ ገጸ በረከት እናቀርባለን» ከሚል አስተዋዋቂ ጋር ስለተጋባ ነው። እናት የሰፋችው መሶብ ስጦታ ቢባል ምን ጎድሎት? በነገራችን ላይ በግእዝ ስጦታ ማለት «ሀብት» ነው፤ ሰጠ ከሚለው ከ«ወሀበ» የወጣ። ዛሬ ሀብት ብለን የምንቆጥረው ሁሉ በቃሉ አመጣጥ የተሰጠን ነገር ነው።

ስላልጠየቁኝ ነገር ልናገርና፣ በጽሑፍዎ ውስጥ ያለው እውነተኛ ስሕተት «የምሰጥልሽ» የሚለው ነው። «ሰጠ» ተቀባዩን በቀጥታ ይይዛል፤ ሰጠሁሽ ይባላል። ል ስትገባ ነገሩ ይዞራል፤ «ሰጠሁልሽ» ማለት በአንቺ ፈንታ ወይም ለአንቺ ጥቅም ለሌላ ሰው ሰጠሁ ማለት ነው፤ ለምሳሌ የእኅትዎን ማመልከቻ ወስደው ለጸሐፊው ቢሰጡላት። ለሙሽራዋ የተላከው መሶብ «የምሰጥልሽ» ከተባለ በሰዋስው ዓይን ሌላ ቤት ሊገባ ነው። ይህች ል የመጣችው ከ«አበረከትኩልሽ» ተውሳ ይመስለኛል፤ «አበረከተ» በእርግጥ ል ይፈልጋል። ሁለቱን ግሶች አይቀላቅሉ። የግሱም ጊዜ ቢስተካከል መልካም ነው፤ ጽሑፉ የሚነበበው መሶቡ እጇ ከገባ በኋላ ስለሆነ «የምሰጥሽ» ብሎ ወደፊት ከመግፋት «ሰጥቼሻለሁ» ማለት ይሻላል። አማርኛ ሲናገሩት የሚፈጸምን ነገር በዚህ መልክ ያስራል፤ ሻጭ በዋጋው ሲስማማ «ሽጬልሃለሁ» እንደሚለው።

ምሳሌው «በምን?» የሚለውን እንዲመልስ መሶቡን ራሱን ማየት ያስፈልጋል። «አንድነት» የሚለውን ቃል አውጥቼዋለሁ፤ በ«-ነት» የሚያልቅ ረቂቅ ስም የትኛውም ስጦታ ላይ ሊለጠፍ ይችላል። ስፌት የሰፋች እናት አለችዎትና የምለውን እርሷ ታረጋግጥልዎታለች፦ መሶብ ከመሐል ተጀምሮ እየዞረ ይሰፋል፤ ቀጭን የሣር ጥቅል ላዩ እየተጠቀለለ ይሄዳል፤ በእያንዳንዱ ዙር ወስፌው ከሥር ያለውን ዙር ይበሳና አዲሱን ከእርሱ ጋር ያያይዘዋል። በአለላ የሚያምረው ላዩ ነው፤ መሶቡን የሚያቆመው ግን አንዱ ዙር ሌላውን መያዙ ነው። ከአንድ ዙር ላይ ስፌቱ ከተፈታ ከእርሱ በላይ ያለው ሁሉ ይላላል፤ መሶብ ማርጀት የሚጀምረውም እንዲህ ነው። እንግዲህ መምሰሉ እዚህ ላይ ነውና እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦

«እትዬ፣ እማዬ የሰፋችውን መሶብ ለሠርግሽ ሰጥቼሻለሁ። መሶብ ሲሰፋ አዲሱ ዙር ሁልጊዜ ከሥሩ ያለውን ዙር ይዞ ይነሣል፤ ስለዚህ ከእማዬና ከአባዬ ቤት ተያይዞ ለሚነሣው ቤትሽ ምሳሌ ይሁንሽ። እንጀራ አይጥፋበት። ታናሽሽ።»

በዚህ ውስጥ «ምሳሌ ነው» ሳይሆን «ምሳሌ ይሁንሽ» ማለቴን ልብ ይበሉ። በሠርግ ቀን ማብራሪያና ምርቃት አይለያዩም፤ በትእዛዝ አንቀጽ ሲነገር ትርጓሜው ራሱ ምርቃት ይሆናል፤ «እንጀራ ይውጣልሽ» በሚለው ምርቃት የሰማነው አንቀጽም ይኸው ነው። «እትዬ» ብለው ጀምረው በ«አንቺ» መቀጠልዎም ደግ ነው። «እት» ከ«እኅት» ኅ ወድቃ የቀረች ናት፤ «-ዬ» ደግሞ በእማዬና በአባዬ ላይ ያለችው ናት፤ ክብሩን ቃሉ ራሱ ስለያዘው አንቱታ መጨመር የግድ አይደለም። በድሮው ሥርዓት ያደጉ ቤተሰቦች «እትዬ፣ ሰጥቼዎታለሁ» ይሉ ነበር፤ ቤታችሁ እንዲያ ከሆነ ይጻፉት፤ ካልሆነ ግን ለሠርግ ብለው አዲስ ርቀት አይፍጠሩ።

የቀረው ፊደሉ ነው። «ሠርግ» በንጉሡ ሠ ይጻፍ እላለሁ፤ ከግእዙ «ሠርገወ»፣ አስጌጠ ከሚለው ጋር አያይዘዋለሁና፤ «ሥርጉት» የሚለው የሴት ስምም ያጌጠች ማለት ነው። በእሳቱ ሰ ቢጽፉት ግን ከእኔ በቀር የሚቆጣ ሰው ያገኛሉ ብዬ አላስብም።