የእቁብ ደብተር ስትይዙ

ውድ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን በሒሳብ ሥራ ነው የጨረስኩት። ከያዝኳቸው መዝገቦች ሁሉ ግን እስካሁን የሚቆጨኝ አንድ የእቁብ ደብተር ነው።

አሥራ ሁለት ሆናችሁ በየወሩ አንድ አንድ ሺህ ብር ትጥላላችሁ እንበል። በየዙሩ 12,000 ብር ይሰበሰባል። ዕጣ የወጣለት ሙሉውን ይወስዳል። ዓመቱ ሲያልቅ ሁሉም የጣለውን ያህል ወስዷል። እስከዚያው ግን እቁብ ብድር ነው። በሦስተኛው ዙር የደረሰው ሰው 3,000 ጥሎ 12,000 ስለወሰደ 9,000 ይቀርበታል። ዋስ የሚጠራውም ለዚች ቀሪ ነው። የመጨረሻው ባለዕጣ ደግሞ አሥራ አንድ ወር ሙሉ ሲያበድር ይቆያል።

እኛም እንዲሁ አሥራ ሁለት ነበርን፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ። በሰባተኛው ዙር አንድ አባላችን «ነገ አደርሳለሁ» አለ። ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ነው። ሰብሳቢያችን ባለዕጣው ጎዶሎ እንዳይወስድ ብላ አንድ ሺህ ከኪሷ ሞላች። እኔም ከስሙ ትይዩ የ«ከፍሏል» ምልክት አደረግኩ። ብሩ ሞልቷል፣ ነገ ያመጣል ብዬ ነው።

ነገ አላመጣም። ከአምስት ወር በኋላ ስንጠይቀው ከልቡ «ከፍያለሁ» አለ። ደብተሩም መሰከረለት። ሰብሳቢዋ ሺህ ብሯን ሳታገኝ ቀረች። ሰውየው ውሸታም አልነበረም፤ ረስቶት ነው። ጥፋቱ የእኔ ምልክት ነው፤ ምልክቷ ቃል መግባትንና መክፈልን አንድ አድርጋ ጻፈች።

ከዚያ ወዲህ ምልክት አላደርግም። ከእያንዳንዱ ስም ፊት የገባውን ብር በቁጥር፣ የገባበትን ቀን፣ የከፋዩን ፊርማ አስገባለሁ። በባንክ ከላከ የዝውውሩን ቁጥር እጽፋለሁ፤ ከወንድሙ አካውንት ከሆነ ደግሞ የላኪውንም ስም። ያልከፈለ ሰው ቦታው ባዶ ይቆያል። ሌላ ሰው ከሞላለት «እገሌ ለእገሌ አበደረ» ተብሎ ሁለቱ ይፈርማሉ። ስሕተት ሲኖር አይፋቅም፤ በአንድ መስመር ተሰርዞ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል።

ዕጣ ከመውጣቱ በፊት ብሩ ሰው ፊት ተቆጥሮ ከገጹ ድምር ጋር ይተያያል። ከዚያ ሌላ ማመሳከሪያ አለ። ሰባተኛው ዙር ሲዘጋ የወሰዱት ሰባት ሰዎች እያንዳንዳቸው 5,000 ይቀርባቸዋል፣ በድምሩ 35,000። ያልወሰዱት አምስቱ ደግሞ 7,000 7,000 ጥለዋል፤ እሱም 35,000 ነው። ሁለቱ ድምሮች ካልገጠሙ የሆነ ገጽ ላይ ያልገባ ብር እንደገባ ተጽፏል፣ ወይም የገባው ተዘሏል። ያኔ ዕጣውን አቁማችሁ ፈልጉት። የአንድ ወር ስሕተት በዚያው ምሽት ይገኛል፤ አምስት ወር ካለፈው ግን ማን ምን እንዳለ የሚያስታውስ አይኖርም።

ሰብሳቢዋን ሺህ ብሯን ከራሴ ከፈልኳት። አልቀበልም ብላ ብዙ ተከራክረን ነበር። እኔ ግን በአዲሱ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ አስፈረምኳት።