ደመወዝ፣ ስታይፔንድ ወይስ ነፃ ልምምድ፦ እሺ ከማለት በፊት የሚጠየቀው

«በሰኔ ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቄ ጠባሴ አክስቴ ቤት ነው ያለሁት፤ ቤተሰቦቼ መሐል ሜዳ ናቸው። ሦስት የልምምድ ዕድል አግኝቻለሁ። እዚሁ ያለ አንድ ፋብሪካ ለ3 ወር ያለ ክፍያ ሥሪ፣ ‹ከዚያ ታይቶ ይቀጠራል› አለኝ። አንድ ግብረ ሠናይ ድርጅት ለ6 ወር በወር 4,000 ብር ስታይፔንድ እሰጣለሁ ይላል። አዲስ አበባ ያለ የኦዲት ቢሮ ደግሞ ለ6 ወር በወር 9,000 ብር ደመወዝ ይከፍላል። እዚህ ለትራንስፖርትና ለምሳ 2,400 ብር ይበቃኛል። አዲስ አበባ ግን ከጓደኛዬ ጋር ቤት ተጋርቼም 7,700 ያስፈልገኛል። የትኛውን ልያዝ? ምን ምንስ ልጠይቃቸው? እባክዎ ይምከሩኝ።»

እህቴ፣ መጀመሪያ 9,000ውን እናጣራው። ክፍያው በእርግጥ ደመወዝ ከሆነ ግብርና ጡረታ ይቆረጥበታል። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ እየተሠራበት ባለው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ከእሱ ቀጥሎ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ ስለሚቆረጥበት 300 ብር ይሆናል። ከ4,000 እስከ 7,000 ያለው በ20 በመቶ 600 ብር፣ የቀረው 2,000 ደግሞ በ25 በመቶ 500 ብር ነው። ግብሩ በድምሩ 1,400 ብር ሆነ። የጡረታ መዋጮሽ ከጠቅላላው 7 በመቶ፣ ማለትም 630 ብር ነው። እጅሽ የሚገባው 6,970 ብር ይሆናል፤ ከሚያስፈልግሽ 7,700 በ730 ብር ያንሳል። በ6 ወር 4,380 ብር ከቤተሰብ መጨመር አለበት ማለት ነው።

አሁን የግብረ ሠናይ ድርጅቱን እዪው። ከ4,000 ላይ 2,400ው ሲነሣ በየወሩ 1,600 ብር ይተርፍሻል። ፋብሪካው ደግሞ ነፃ ይባል እንጂ ከኪስሽ በወር 2,400፣ በ3 ወር 7,200 ብር ያስወጣሻል። በዚህ ስሌት ብቻ ከሄድን ስታይፔንዱ አሸናፊ ነው። እኔ ግን በዚህ ብቻ አልወስንም። ለአካውንቲንግ ምሩቅ ከገንዘቡ እኩል የሚመዘን ሌላ ነገር አለ፤ እሱም በመጨረሻ የምትወስጂው ወረቀት ነው።

የሥራ ማስታወቂያዎችን አዘውትረሽ ካነበብሽ ከታች በኩል አንድ መስመር አታጪም፦ ከግል ድርጅት የተገኘ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚገልጽ መሆን አለበት የሚል። ብዙ ቦታ ማመልከቻ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ስታይፔንድ በአብዛኛው ለትራንስፖርት፣ ለምሳና ለስልክ ካርድ ተብሎ የሚሰጥ ድጎማ ስለሆነ በፔሮል አይወጣም፤ በወጪ ማዘዣ ተፈርሞ ይወሰዳል። ስለዚህ 6 ወር ሙሉ ከልብሽ ሠርተሽም የሚሰጥሽ ወረቀት «ልምምድ አድርጋለች» የሚል ምስክርነት ይሆናል እንጂ 6 ወር የሥራ ልምድ ተብሎ ላይቆጠርልሽ ይችላል። ፔሮል ውስጥ የገባች ተለማማጅ ግን የጀመረችበትና የጨረሰችበት ቀን፣ የሥራ መደቧ፣ ደመወዟና ግብር የተከፈለበት መሆኑ ተጽፎ ይወጣላታል። «0 ዓመት» በሚል ማስታወቂያ ብቻ ከመወዳደር የሚያወጣሽ ይህ ነው።

ቀጣሪዎች ስታይፔንድ የሚለውን ስም የሚመርጡበት አንዱ ምክንያትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ሠራተኛ ብለው ቢመዘግቡሽ በየወሩ ግብር ቀንሰው ማሳወቅ፣ ከራሳቸውም 11 በመቶ ጡረታ መጨመር አለባቸው። ለ9,000 ብር ደመወዝ ይህ በወር 990 ብር ነው። አንዳንዱ ይህን ለመሸሽ «9,000 ይከፈልሻል» ይልና ገንዘቡን በወጪ ማዘዣ ይሰጥሻል። ያኔ 6,970 የነበረው ሙሉ 9,000 ሆኖ እጅሽ ይገባል። ደስ ይላል፤ ግን አዲስ አበባ ድረስ የሄድሽበት ወረቀት አብሮ ይቀራል።

ስለዚህ ለኦዲት ቢሮው የምታቀርቢው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ነው?» ሳይሆን «ቲን ቁጥሬን ላምጣ?» ይሁን። በፔሮል የሚከፍል ድርጅት ወዲያው አዎ ይልሻል፤ የጡረታ ምዝገባ ቅጽም ያነሣልሻል። «እሱ በኋላ ይታያል» ካለ ወይም ቲኑ ለምን እንደሚያስፈልግ ካልገባው፣ ደመወዝ የተባለው ስታይፔንድ ነው ብለሽ ስሌትሽን እንደገና ሥሪ። ቀጥለሽ 9,000ው ጠቅላላ ነው ወይስ የተጣራ፣ በባንክ ነው ወይስ በእጅ፣ ወሩ በገባ በስንተኛው ቀን እንደሚከፈል ጠይቂ። የመጀመሪያው ደመወዝ ወር ሞልቶ ስለሚመጣ ከደብረ ብርሃን ስትነሺ ቢያንስ 7,700ው በእጅሽ መኖር አለበት፤ አከራይ ቅድሚያ ከጠየቀ ከዚያም በላይ።

ስለ ፋብሪካው «ታይቶ ይቀጠራል» የሚለው ቃል ቆም ብሎ መታየት አለበት። ሰውን በሥራው አይቶ ለመቅጠር ሕጉ ያስቀመጠው መንገድ አለ፤ እሱም የሙከራ ጊዜ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን ሊበልጥ አይችልም። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛም እንደሌላው ሠራተኛ መብት አለው፣ ደመወዙም ይከፈለዋል። ለትምህርት ወይም ለሥልጠና ተብሎ የሚደረግ ውል ግን ሌላ ነው። ነፃ ልምምድ ተገቢ የሚሆነው ሥልጠና ሲሆን ነው፤ የሚያስተምርሽ ሰው ተመድቦ፣ ምን በምን ሳምንት እንደምትማሪ ታውቆ፣ ያንቺ መቅረት የፋብሪካውን ሥራ የማያስተጓጉል ሲሆን። ለወሊድ የወጣች የሒሳብ ሠራተኛ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ከጠዋት እስከ ማታ ቫውቸር የምትመዘግቢ ከሆነ ግን ያ ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ ይከፈልበታል።

ይህን ለመለየት የሚጠቅሙ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። በቀጥታ የሚያሳየኝ ማነው? ያለፈው ተለማማጅ ምን ምን ሠራ? ከእነሱስ ስንቱ ተቀጠረ? የመጨረሻውን ስትጠይቂ የክፍሉን ስም ሳይሆን የሰዎቹን ቁጥር እንዲነግሩሽ አድርጊ። «ብዙዎቹ» የሚል መልስ መልስ አይደለም። ካለፉት ተለማማጆች ከአንዱ ጋር በስልክ ብታወሪ ደግሞ በ10 ደቂቃ የምትሰሚው ከማንኛውም ቃለ መጠይቅ ይበልጣል። ደብረ ብርሃን ሰው ከሰው የሚተዋወቅበት ከተማ ነው፤ ካንቺ አንድ ዓመት ቀድመው የተመረቁትን ብትጠይቂ ታገኛለሽ።

በአካውንቲንግ ልምምድ ውስጥ ዋጋ ያለውና የሌለው ሥራ በግልጽ ይለያል። ቫውቸር በቁጥር ማስተካከልና ፋይል ማድረግ በአንድ ሳምንት ይለመዳል። የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ፣ ፔሮል ማዘጋጀት፣ የወሩን የግብር ማሳወቂያ መሙላት፣ በመጋዘን ቆጠራ ላይ ካርዱን ከዕቃው ጋር ማመሳከር ግን ለሚቀጥለው ቀጣሪ «ሠርቻለሁ» የምትዪው ነው። የፋብሪካው ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው፤ የጥሬ ዕቃና የምርት ዋጋ ስሌት በኦዲት ቢሮም በግብረ ሠናይ ድርጅትም በቀላሉ አታገኚውም። ስለዚህ ፋብሪካውን በአንዴ አትግፊው። «3 ወሩን ወደ 1 ወር እናሳጥረው፣ ወይም በሳምንት 2 ቀን ልምጣ፤ ቢያንስ ሰርቪስና ምሳ ይቻለኝ» ብለሽ ጠይቂ። ሰርቪስና ምሳ ከተቻለልሽ 2,400ው ከላይሽ ወረደ ማለት ነው፤ ብዙ ፋብሪካዎችም ለሠራተኞቻቸው ስለሚያደርጉት አንድ ሰው መጨመር አይከብዳቸውም። በሥራ ቦታ ጉዳት ቢደርስብሽ ማን እንደሚያሳክምሽም ጠይቂ፤ ለመጋዘን ቆጠራ ወደ ምርት ክፍል ትገቢያለሽና።

ለግብረ ሠናይ ድርጅቱ የሚቀርበው ዋና ጥያቄ 4,000ው ከምን ጋር እንደታሰረ ነው። ስታይፔንድ ከፕሮጀክት በጀት የሚወጣ ከሆነ በጀቱ ሲዘገይ እሱም ይዘገያል። ሁለት ወር ቢዘገይ 4,800 ብር ከራስሽ አውጥተሽ መቆየት ትችያለሽ ወይ? በቀረሽበት ቀን ይቆረጣል ወይ? ግብር ይቀነስበታል ወይ? ፕሮጀክቱ ከ6 ወሩ በፊት ቢዘጋስ? ወደ ሌሎች ወረዳዎች ለመስክ ከላኩሽ ደግሞ የመስክ አበል ለብቻው መከፈል አለበት፤ ለጠባሴ ታክሲ ታስቦ የተሰጠ ገንዘብ ዓለም ከተማ አያደርስም።

ሁሉንም በቃል ከጨረስሽ በኋላ ያንኑ ዕለት በኢሜይል ወይም በቴሌግራም እንዲህ ብለሽ ጻፊላቸው፦ «ዛሬ ስለተነጋገርነው አመሰግናለሁ። የተረዳሁት በትክክል ከሆነ ያረጋግጡልኝ፦ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፣ በሳምንት ይህን ያህል ቀን፣ በወር ይህን ያህል ብር ጠቅላላ፣ ግብርና ጡረታ ተቀንሶ በባንክ፣ ኃላፊዬ እገሌ ናቸው፤ ስጨርስም የደመወዝና የግብር ሁኔታ የተገለጸበት የሥራ ልምድ ደብዳቤ ይሰጠኛል።» መልሱ «አዎ» ብቻ ቢሆንም በጽሑፍ ይቀመጥሻል። ውሉ ሲመጣ ይህ ሁሉ በውስጡ መኖሩን እዪ፤ የተለማማጅነት ውልም ቢሆን የሙያው ዓይነት፣ የጊዜው ርዝመትና ክፍያው በጽሑፍ መስፈር አለበት። ዋናውን ዲግሪሽን «እዚህ ይቀመጥ» ካሉሽ አሳይተሽ መልሰሽ ውሰጂው፤ ኮፒው ይበቃቸዋል። ለምዝገባ ወይም ለሥልጠና ብለው ገንዘብ የሚጠይቁሽ ከሆነ ግን ንግግሩ እዚያው ላይ ይብቃ።

የእኔ ምርጫ ይኸው፦ ኦዲት ቢሮው ቲንሽን ተቀብሎ በፔሮል እንደሚከፍል በጽሑፍ ካረጋገጠና ቤተሰብሽ 4,380ውን ከመነሻው የመጀመሪያ ወር ወጪ ጋር መሸፈን ከቻሉ አዲስ አበባ ሂጂ። ከእነዚህ ሁለቱ አንዱ ከጎደለ ስታይፔንዱን ያዢና በየወሩ የሚተርፍሽን 1,600 አስቀምጪ፤ በ6 ወር 9,600 ስለሚሆን ለሚቀጥለው ቅጥር መንቀሳቀሻ ይሆንሻል።

የትም ግቢ የት፣ አንድ ነገር እንዳትቀበዪ። ተለማማጅ ሳለሽ የጥቃቅን ወጪ ሳጥን ወይም ካዝና አትረከቢ፤ ገንዘብ ያዥዋ ስትወጣ «ለአንድ ቀን ያዢልን» ቢሉሽም ቢሆን። ጉድለት ሲገኝ ርክክቡ ላይ ያለው ፊርማ ያንቺ ነው፤ በሠራተኝነት የሚጠብቅሽ ውል ግን በእጅሽ የለም። በሌላ ሰው የይለፍ ቃል ገብተሽም ሒሳብ አትመዝግቢ፤ የራስሽ መግቢያ እንዲከፈትልሽ በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቂ።